ለሠራተኞች የአክሲዮን ኦፕሽን ስትሰጡ የመሥራቾች ድርሻ ምን ይሆናል? ከደብረ ብርሃን በተወሰደ ምሳሌ

ደብረ ብርሃን ላይ ኩባንያ የሚያንቀሳቅስ ሰው ይህን ነገር በደንብ ያውቀዋል። ጎበዝ ልጅ ትቀጥራላችሁ። ሥራውን ይለምዳል። ከዚያ አዲስ አበባ ያለ ድርጅት የደመወዙን እጥፍ ይሰጠዋል። 130 ኪሎ ሜትር ደግሞ ምንም አይደለም፤ ጠዋት መኪና ከያዘ ምሳውን እዚያ ይበላል። በደመወዝ መፎካከር ካልቻላችሁ፣ በእጃችሁ የቀረው ነገር የኩባንያው ድርሻ ነው።

የአክሲዮን ኦፕሽን ማለት ሠራተኛው ወደፊት፣ ዛሬ በተቆረጠ ዋጋ፣ የተወሰነ አክሲዮን የመግዛት መብት ነው። ዛሬ ባለአክሲዮን አይሆንም። የሥራ ዘመኑን እየሞላ ሲሄድ መብቱ ይጸናለታል። ከፈለገ ይገዛል፣ ካልፈለገ ይተወዋል። ኩባንያው ካደገ በድሮ ዋጋ ገዝቶ ይጠቀማል።

ብዙ መሥራቾች ነገሩን «10 በመቶ ለሠራተኛ እናስቀምጥ» ብለው ይጀምራሉ። ለምን 10 እንደሆነ ግን የሚያውቅ የለም። ያ ቁጥር ከማን ኪስ እንደሚወጣ የሚገባቸው ደግሞ ባለሀብት መጥቶ ድርድር ሲጀመር ነው። ስለዚህ እዚህ ላይ ቁጥሩን ከሥሩ እንሠራዋለን።

ምሳሌያችን ስም የሌለው፣ ለማስረዳት የታሰበ ኩባንያ ነው። ከባሶና ወራና እና ከአንጎለላና ጠራ ገበሬዎች የቢራ ገብስ ሰብስቦ ለብቅል ፋብሪካ ያቀርባል። የገበሬውን ምዝገባ፣ ሚዛንና ክፍያ የሚሠራበት የስልክ መተግበሪያም አለው። ሦስት መሥራቾችና 10,000 አክሲዮን አለው። ሥራ አስኪያጇ 5,000፣ ሶፍትዌሩን የጻፈው 3,000፣ ገበሬውን የሚያውቀው ሦስተኛው 2,000 ይዘዋል። የአንዱ አክሲዮን ፓር ቫልዩ፣ ማለትም በመመሥረቻ ጽሑፉ ላይ የተጻፈው ዋጋ፣ 100 ብር ነው።

ደረጃ 1፦ ከመቶኛ ሳይሆን ከቅጥር ዕቅድ ተነሱ

አንድ ወረቀት ውሰዱና በሚቀጥሉት 18 ወራት የምትቀጥሯቸውን ሰዎች ጻፉ። ከዚያ አሁን ካሉት ሠራተኞች መካከል ቢሄዱ ሥራው የሚቆምባችሁን ጨምሩ። ከእያንዳንዱ ስም ጎን ልትሰጡት ያሰባችሁትን መቶኛ አስቀምጡ። 18 ወር ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ባለሀብት የሚያስገባው ገንዘብ ብዙውን ጊዜ እስከዚያ ገደማ እንዲያደርስ ተብሎ ይታቀዳል። ከዚያ በኋላ ቀጣዩ ገንዘብ ሲመጣ ቋቱ፣ ማለትም ለሠራተኞች ተብሎ የተቀመጠው ድርሻ፣ እንደገና ይሞላል።

የእኛ ኩባንያ ወረቀት እንዲህ ይላል። ዋና የሶፍትዌር ባለሙያ 1.5 በመቶ፣ የኦፕሬሽን ኃላፊ 1.5፣ የፋይናንስ ሰው 1፣ ከመጀመሪያው ቀን ጀምራ የነበረች ሠራተኛ 1፣ ወረዳ ላይ ያሉ ሁለት አስተባባሪዎች ለእያንዳንዳቸው 0.5። ድምሩ 6 በመቶ ነው። ላልታሰበ ቅጥርና ለማበረታቻ 2 ጨምሩበት፤ 8 ይሆናል። ይህ 8 ከ10 የሚሻለው ስላነሰ ብቻ አይደለም። ሰው ሲጠይቃችሁ «እዚህ ጋ ያለው ለማን ነው?» ለሚለው መልስ ስላላችሁ ነው። ወረቀቱን እንዳትጥሉት፣ በሦስተኛው ደረጃ ገንዘብ ያመጣላችኋል።

ደረጃ 2፦ መቶኛውን ወደ አክሲዮን ቁጥር ቀይሩ

እዚህ ላይ የሚሳሳተው ሰው ብዙ ነው። «8 በመቶ ከ10,000 ማለት 800 ነው» ብለው 800 ይጨምራሉ። ድምሩ 10,800 ይሆንና 800 የሱ 7.41 በመቶ ብቻ ሆኖ ይገኛል። ቋቱ ራሱ ድምሩን ስለሚያሳድገው መቶኛው የሚሰላው ከአዲሱ ድምር ነው። በስፕሬድሺት ላይ እንዲህ ይጻፋል፦

```
=10000*0.08/(1-0.08)
```

መልሱ 869.57 ስለሆነ 870 እንላለን። አሁን ሙሉ ቆጠራው 10,870 ነው። ሙሉ ቆጠራ የምለው የተያዘውን፣ ቃል የተገባውንና በቋቱ ውስጥ ገና ለማንም ያልተሰጠውን አንድ ላይ ደምሮ ነው። ባለሀብት የሚቆጥረው በዚህ መንገድ ስለሆነ እናንተም ከመጀመሪያው በዚሁ ቁጠሩ። ሥራ አስኪያጇ ከ50 ወደ 46 በመቶ ወረደች። ሶፍትዌሩን የጻፈው ከ30 ወደ 27.6፣ ሦስተኛው ከ20 ወደ 18.4 ወረዱ። ሁሉም የያዙትን 8 በመቶ እኩል ነው የለቀቁት። የአክሲዮናቸው ቁጥር ግን አንድም አልተነካም።

ለሠራተኛው የምትሰጡት ደብዳቤ ላይ መቶኛ አትጻፉ። የአክሲዮን ቁጥር ጻፉ። «1.5 በመቶ» ብላችሁ ከፈረማችሁ አዲስ ባለሀብት በገባ ቁጥር መቶኛው እንዳይወርድበት መጠበቅ ያለባችሁ ይመስላል፤ የሠራተኛው ጠበቃ እንደዚያ ብሎ ቢከራከር የሚፈረድበት አይደለም። ለዋናው የሶፍትዌር ባለሙያ 1.5 በመቶ ማለት 163 አክሲዮን ነው። እኔ ብሆን 160 አደርገዋለሁ፤ ለምን እንደሆነ አራተኛው ደረጃ ላይ ይታያል።

ደረጃ 3፦ ባለሀብት ሲመጣ ቋቱን ማን ይከፍላል?

ጉዳዩ እዚህ ጋ ይከርራል። አንድ ባለሀብት መጥቶ «ኩባንያችሁን 24 ሚሊዮን ብር ገምቼዋለሁ፣ 6 ሚሊዮን አስገባለሁ» ይላል። ገንዘቡ ከገባ በኋላ ኩባንያው 30 ሚሊዮን ይሆናል፣ እሱም 20 በመቶ ይይዛል። እስከዚህ ድረስ ደስ ይላል። ቀጥሎ ግን በውሉ ረቂቅ ውስጥ አንድ መስመር አለች፦ «ከመዝጊያው በኋላ 12 በመቶ የሠራተኛ ኦፕሽን ቋት ይኖራል፣ እሱም በ24ቱ ግምት ውስጥ ይካተታል።» ይህች መስመር ቋቱ ሙሉ በሙሉ ከመሥራቾች ይውጣ ማለት ነው። የባለሀብቱ 20 በመቶ ግን አይነካም።

ሁለቱን መንገዶች ጎን ለጎን እናስቀምጣቸው። የመጀመሪያው ቀድመን በዕቅድ ያስቀመጥነው 870 አክሲዮን ብቻ ሆኖ ባለሀብቱ ሲገባ ነው። ሁለተኛው የሱን 12 በመቶ ስንቀበል ነው።

| | በእኛ ቋት | በ12 በመቶ ቋት |
|---|---|---|
| ሥራ አስኪያጇ | 36.80% | 34.00% |
| ሶፍትዌሩን የጻፈው | 22.08% | 20.40% |
| ሦስተኛው መሥራች | 14.72% | 13.60% |
| የሠራተኞች ቋት | 6.40% | 12.00% |
| ባለሀብቱ | 20.00% | 20.00% |
| ጠቅላላ አክሲዮን | 13,588 | 14,706 |
| የአንድ አክሲዮን ዋጋ | 2,208 ብር | 2,040 ብር |

የመጨረሻዋን ረድፍ ልብ በሉ። በሁለቱም አምድ ግምቱ «24 ሚሊዮን» ነው። ነገር ግን መሥራቾቹ የያዙት 10,000 አክሲዮን በመጀመሪያው 22.08 ሚሊዮን ብር ያወጣል፣ በሁለተኛው 20.4 ሚሊዮን። ግምቱ ሳይነካ 1.68 ሚሊዮን ብር በአንድ መስመር ሄደ። ስለዚህ ሁለት ባለሀብቶች ስታወዳድሩ የተጠራውን ግምት አታወዳድሩ። የአንድ አክሲዮን ዋጋቸውን ጠይቁና እሱን አወዳድሩ። ዝቅ ያለ ግምት ይዞ ትንሽ ቋት የሚጠይቅ ሰው፣ ትልቅ ግምት ይዞ ትልቅ ቋት ከሚጠይቀው ሊሻላችሁ ይችላል።

አሁን የቅጥር ወረቀቱን አውጡት። ዕቅዳችን ላይ ያለው 6 በመቶ 652 አክሲዮን ነው። ከ870ው ላይ ሲቀነስ 218 መጠባበቂያ ይቀራል። ባለሀብቱ ከገባ በኋላም ያው 652 በቂ ነው፤ ምክንያቱም ለሰው የሚሰጠው አክሲዮን በቁጥር ስለሆነና የአንዱ ዋጋም ከፍ ስላለ። «በሚቀጥሉት 18 ወራት የምንቀጥረው ይህንን ነው፣ ከ12 በመቶው ውስጥ የቀረው ለማን ነው?» ብላችሁ ጠይቁት። ባለሀብቱ ልምድ ካለው ዝርዝሩን አንብቦ ይከራከራችኋል፤ «የፋይናንስ ኃላፊ በ1 በመቶ አታገኙም» ሊልም ይችላል። ይህ ጤናማ ክርክር ነው። ምናልባት 8 ላይ ትገናኛላችሁ። ያለ ወረቀት የምትገቡት ድርድር ግን «አይ ይበዛል» ከማለት አያልፍም።

ብዙ ሰው የማያየው ሌላ ነገርም አለ። ያልተሰጠ ቋት ለመሥራቹ ተመልሶ የሚመጣ ገንዘብ አይደለም። ኩባንያው ቢሸጥ ለማንም ያልተሰጠው አክሲዮን ይሰረዝና ጥቅሙ ለሁሉም ባለድርሻ፣ ባለሀብቱንም ጨምሮ፣ እንደየድርሻው ይከፋፈላል። ቋቱን የከፈላችሁት ግን ሦስታችሁ ብቻ ናችሁ። ከሚያስፈልገው በላይ የሰፋ ቋት ለባለሀብቱ ዝም ብሎ የተሰጠ ቅናሽ ነው።

ደረጃ 4፦ መብቱ መቼ ይጸናል፣ በስንት ዋጋ?

የተለመደው አሠራር አራት ዓመት ነው። የመጀመሪያው ዓመት ሳይሞላ የለቀቀ ምንም አያገኝም። ዓመቱ ሲሞላ ሩቡ በአንድ ጊዜ ይጸናል፣ የቀረው በየወሩ ወይም በየሦስት ወሩ ይቀጥላል። ለትንሽ ኩባንያ የሦስት ወሩን እመርጣለሁ፤ ሂሳቡን የሚይዘው ሰው አንድ ብቻ ነውና በየወሩ አክሲዮን እየቆራረሰ መመዝገብ ያስመርረዋል።

160 ያልኩት ለዚህ ነው። ሩቡ 40 ይሆናል። የቀረው 120 ለ12 ሩብ ዓመት ሲካፈል በእያንዳንዱ 10 ነው። ቁርጥራጭ የለም። ባለሙያው በ22ኛው ወር ላይ ለቀቀ እንበል። 40 በመጀመሪያው ዓመት፣ ከዚያ ሦስት ሙሉ ሩብ ዓመት ስላለፈ 30፣ በድምሩ 70 ጸንቶለታል። 90ው ወደ ቋቱ ይመለሳል፣ ለሚተካው ሰው ይሆናል። የመሥራቾች ሠንጠረዥ አይነካም።

ዋጋው ላይ ጠንቀቅ በሉ። ኦፕሽኑን ከባለሀብቱ በፊት ከሰጣችሁና የመግዣውን ዋጋ ፓር ቫልዩው ላይ፣ 100 ብር ላይ፣ ካደረጋችሁት ልጁ 70ውን አክሲዮን በ7,000 ብር ይገዛል። ከባለሀብቱ በኋላ በ2,208 ብር ከሰጣችሁት ግን ያው 70 አክሲዮን 154,560 ብር ይጠይቀዋል። ያንን ብር ከየት ያመጣል? ሥራ ለቆ፣ ቤት ተከራይቶ? ስለዚህ ቁልፍ ሰዎቻችሁን ከባለሀብቱ በፊት አስፈርሙ። ከፓር ቫልዩ በታች ማውረድ ግን አይቻልም፤ አክሲዮን ከዚያ በታች አይወጣም።

ከለቀቀ በኋላ መግዛት የሚችልበትን ጊዜም አርዝሙት። ከኢንተርኔት የሚወርዱ ናሙና ውሎች 90 ቀን ይላሉ። ያ የአሜሪካ የታክስ ሕግ ያመጣው ነው፣ እኛን አይመለከተንም። አንድ ወይም ሁለት ዓመት ብትሰጡ የምትጎዱት ነገር ትንሽ ነው። በስርቆት ወይም በከባድ ጥፋት የተባረረ ሰው መብቱን እንደሚያጣ ግን በግልጽ ይጻፍ።

ግብሩንም አትርሱ። ሠራተኛው በ100 ብር የገዛው አክሲዮን የዚያን ቀን 2,208 ብር የሚያወጣ ከሆነ ልዩነቱ ከሥራው ያገኘው ጥቅም ነው። በገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 መሠረት ከቅጥር የሚገኝ ጥቅም ግብር ያስከፍላል። በልጁ ሁኔታ ልዩነቱ 147,560 ብር ነው። እሱ ግን በእጁ ብር የለውም፣ ያለው ወረቀት ነው። ስለዚህ የመግዣ ቀን ከመድረሱ በፊት ከሂሳብ ባለሙያችሁ ጋር ተቀምጣችሁ ማን፣ ከምን ገንዘብ እንደሚከፍል ወስኑ።

ደረጃ 5፦ በእኛ ሕግ አክሲዮኑ እንዴት ይወጣል?

አብዛኛው አዲስ ኩባንያ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ነው። እዚያ አንድ ሰው አባል እንዲሆን ካፒታል ማሳደግ ወይም ከነባር አባል ማስተላለፍ ያስፈልጋል። ቃለ ጉባኤ አለው፣ የመመሥረቻ ጽሑፍ ማሻሻያ አለው፣ ሰነዱን አረጋግጦ በንግድ መዝገብ ማስመዝገብ አለው። አንድ ሰው 10 አክሲዮን በገዛ ቁጥር ይህን ሁሉ መሮጥ አይቻልም። መፍትሔው በዓመት አንድ የመግዣ መስኮት መክፈት ነው። ለምሳሌ የበጀት ዓመቱ ከተዘጋ በኋላ ነሐሴ ላይ። የፈለገ ሁሉ ያኔ ይገዛል፣ ምዝገባው በአንድ ጊዜ ይጠናቀቃል። የግል ማኅበር ከ50 በላይ አባል ሊኖረው እንደማይችልም አስታውሱ። ብዙ ሠራተኛ ካላችሁ ወደ አክሲዮን ማኅበር መለወጥን ማሰብ ግድ ይላል።

መሥራቾች ዛሬውኑ መፈረም ያለባቸው ነገር አለ። ቋቱ ሲከፈት ካፒታሉ እንዲያድግ ድምፅ እንደሚሰጡና አዲሱን አክሲዮን ቀድመው የመግዛት መብታቸውን በቋቱ መጠን እንደሚተዉ በጽሑፍ ይስማሙ። ይህ ካልተደረገ ከሦስት ዓመት በኋላ የተኮራረፈ አንድ መሥራች ሁሉንም ሠራተኛ ማስቆም ይችላል።

ሌላው ሰው የሚያዘወትረው አቋራጭ «ቋቱ በሥራ አስኪያጇ ስም በአደራ ይቀመጥ» የሚለው ነው። እኔ አልወደውም። አክሲዮኑ በመዝገቡ ላይ የሷ ነው። ብትሞት ወደ ወራሾቿ ይሄዳል። ትዳር ካላት የጋራ ንብረት ነው የሚል ጥያቄ ይነሳል። በቃል የተገባው አደራ እዚያ ላይ ብዙ አያስኬድም።

ለወረዳ አስተባባሪዎች ቀለል ያለ መንገድ አለ፦ ፋንተም አክሲዮን። አክሲዮን አይወጣም፣ አባልነት የለም። ኩባንያው ሲሸጥ የ54 አክሲዮን ዋጋ ያህል በብር ይከፈላቸዋል የሚል ውል ብቻ ነው። የንግድ መዝገቡን አይነካም። ይሁን እንጂ ሠንጠረዡ ላይ ቁጠሩት፤ ባለሀብቱ እንደ ዕዳ አይቶ ከዋጋው ይቀንሰዋልና።

ደረጃ 6፦ ለሠራተኛው አስረዱት

በእኛ አገር አክሲዮን ሲባል ሰው የሚያስበው ባንክ ነው። ተገዝቶ የሚቀመጥና በየዓመቱ ትርፍ የሚያመጣ። ስለዚህ ጫጫ ላይ ያለው አንጋፋ አስተባባሪ ደብዳቤውን አገላብጦ አይቶ የሚጠይቀው አስቀድሞ የታወቀ ነው።

«እንግዲህ ልጄ፣ ትርፉን በስንት ወር ነው የምትሰጡን?»

«ጋሼ፣ ይሄ እንደ ባንኩ አይደለም። በየዓመቱ የሚመጣ ብር የለውም። ኩባንያው የተሸጠ ዕለት ነው የእርስዎ የሚቆጠረው።»

«ባይሸጥስ?»

«ባይሸጥ ምንም የለውም። ደመወዝዎ ግን እንዳለ ነው።»

ይህን መልስ ሸፋፍኖ የሚያልፍ ሥራ አስኪያጅ በሁለት ዓመቱ ኩርፊያ ያጭዳል። ደብዳቤው ውስጥ ሦስት ነገር በግልጽ ይግባ፦ ስንት አክሲዮን እንደሆነ፣ ዛሬ ጠቅላላው ሙሉ ቆጠራ ስንት እንደሆነ፣ የመግዣው ዋጋ ስንት እንደሆነ። ጠቅላላውን ሳትነግሩት «160 አክሲዮን አለህ» ማለት ምንም አልነገራችሁትም። ከ160 ይልቅ 16,000 ትልቅ ይመስላል፣ ከስንት እንደሆነ ካልታወቀ ግን ሁለቱም ባዶ ናቸው።

ደረጃ 7፦ ሠንጠረዡን አንድ ሰው ይያዘው

በስፕሬድሺቱ ላይ አራት አምድ ይበቃል፦ የተሰጠ፣ የጸና፣ የተገዛ፣ ወደ ቋት የተመለሰ። በየሦስት ወሩ መብት በሚጸናበት ቀን ይታደሳል። ማረጋገጫው ቀላል ነው። የተሰጠውና ገና ያልተሰጠው ተደምሮ ሁልጊዜ 870 መሆን አለበት፤ የተመለሰው ከተሰጠው ላይ ተቀንሶ ወዲያው ወደ ያልተሰጠው ይገባል። ካልሆነ አንድ ሰው ቃል ተገብቶለት አልተመዘገበም፣ ወይም የለቀቀ ሰው አልተሰረዘም። በጣም የተለመደው የመጀመሪያው ነው፦ ሥራ አስኪያጇ በስልክ ቀጥራ «ትንሽ ድርሻም እንሰጥሃለን» ያለችው ሰው። ቃሉ ወረቀት ላይ ካልሰፈረ ባለሀብቱ ሰነድ ሲመረምር ይወጣል። ያኔ የሚከፈለው ደግሞ ከቋቱ ሳይሆን ከመሥራቾቹ ድርሻ ነው። ስለዚህ በመሥራቾቹ መካከል አንድ ሕግ ይኑር፦ ሦስቱም በቃለ ጉባኤ ካልፈረሙ ማንም ለማንም ድርሻ ቃል አይገባም።